ማሽኑን ስልክ ሲተካው፦ ካርድ አስጠግቶ መክፈል በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

ካርድ የሚቀበል ማሽን ከትልልቅ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች አልፎ ወደ ትንሹ ሱቅ ያልወረደው ውድ ስለሆነ ነው ሲባል እንሰማለን። አባባሉ እውነት አለው። ፖስ ማሽን ከውጭ ይገባል፣ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ሲበላሽ ጠጋኙ አዲስ አበባ ነው፣ ባንኩም ቢሆን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚሠራበት ሱቅ ማሽን ማስቀመጥ አያዋጣውም። ተራውን ስማርትፎን ወደ ካርድ አንባቢ የሚቀይረው መተግበሪያ ይህን ችግር ይፈታል፤ ነጋዴው በኪሱ የያዘው ስልክ ራሱ ማሽን ይሆናል። ይሁን እንጂ የማሽኑ ዋጋ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኔ ክርክር ዋጋው አልጠፋም፣ ከብረቱ ወጥቶ ወደ ኔትወርኩ ተዛውሯል የሚል ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ኔትወርክ በማይቋረጥበት ከተማ ርካሽ፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ ግን ከሚታሰበው በላይ ውድ ነው። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በዘመሮ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ለማን እንደሚጠቅምና ለማን እንደማይጠቅም የሚለየውም ይኸው ነው።

ይህን ለማየት አሮጌው ማሽን ምን ይሠራ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ፖስ ማሽን ሲታይ ቁልፎችና ትንሽ ስክሪን ያሉት ሳጥን ነው፤ ዋጋውን ያናረው ግን በውስጡ ያለው የሚስጥር ቁልፍ ማስቀመጫ ነው። አንድ ሰው ማሽኑን ፈልቅቆ ሊከፍተው ቢሞክር ቁልፉ ራሱን ያጠፋል። ለረጅም ዓመታት የዓለም የካርድ ድርጅቶች የደንበኛ ካርድ ሚስጥር ቁጥር በእንዲህ ያለ የታሸገ ዕቃ ላይ ካልሆነ አይጻፍም ሲሉ ቆይተዋል። የካርድ ደህንነት ደረጃ የሚያወጣው ፒሲአይ የተባለው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የካርድ ሚስጥር ቁጥር በስልክ መስታወት ላይ እንዲጻፍ የሚፈቅድ ደረጃ አወጣ፤ ያኔ ግን ካርዱን የሚያነበው ከስልኩ ጋር የሚገናኝ ሌላ ትንሽ ዕቃ ነበር። በ2019 ማብቂያ ስልኩ ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ካርድ እንዲያነብ ፈቀደ፤ በ2022 ደግሞ ሁለቱን በአንድ ላይ ያጠቃለለ ደረጃ አወጣ። ፈቃዱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የነጋዴው ስልክ የማይታመን ዕቃ ተደርጎ ይቆጠራል። በመሆኑም ሩቅ ያለ ሰርቨር ስልኩን በየጊዜው ይመረምረዋል፤ ሥርዓቱ ተሰብሮ እንደሆነ፣ መተግበሪያው ተነካክቶ እንደሆነ፣ ሌላ ፕሮግራም ስክሪኑን እየቀዳ እንደሆነ ያያል። አንድ ነገር ካጠራጠረው ክፍያ መቀበሉን ይዘጋዋል። ቀድሞ በብረት ሽፋን የሚጠበቀው ነገር አሁን በማያቋርጥ የርቀት ምርመራ ይጠበቃል ማለት ነው።

አንድ ግብይት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንከተል። መሐል ሜዳ ላይ የመንዝ በግ ጠጉር ባና የምትሸጥ ነጋዴ አለች እንበል፤ ዋጋው 3,500 ብር ነው። መተግበሪያውን ስትከፍት ስልኩ መጀመሪያ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ ራሱን ያስመረምራል። ሒሳቡን ትጽፋለች፤ ስክሪኑ ካርድ አስጠጉ ይላል። ገዢው ካርዱን ከስልኩ ጀርባ፣ ብዙ ጊዜ ከካሜራው አጠገብ፣ ከአራት ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ይይዛል። ካርዱ ባትሪ የለውም፤ ስልኩ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ ራሱ ለካርዱ ቺፕ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። ከዚያ ስልኩ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ በዓለም ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ንክኪ አልባ የክፍያ ካርድ አንድ ዓይነት ነው፦

```
SELECT 2PAY.SYS.DDF01
```

ካርዱ በውስጡ የየትኛው ድርጅት የክፍያ ፕሮግራም እንዳለ ይመልሳል። ስልኩ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ የሒሳቡን መጠን፣ ቀኑን፣ የብር መለያ የሆነውን 230 ቁጥርና በዚያች ቅጽበት የወጣ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል። ካርዱ እነዚህን ሁሉ ከቺፑ ፈጽሞ በማይወጣ ቁልፍ አዋህዶ አንድ ማረጋገጫ ኮድ ያወጣል፤ በውስጡ ያለ ቆጣሪም በአንድ ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ኮዱ ከስልኩ ወደ ክፍያ አቀናባሪው ሰርቨር፣ ከዚያ ካርዱ የሌላ ባንክ ከሆነ በኢትስዊች በኩል ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይሄዳል። ኢትስዊች ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት፣ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን እንዲሠራ የሚያገናኝ ድርጅት ነው። ባንኩ የዚያ ካርድ ቁልፍ እርሱም ጋር ስላለ ኮዱን ራሱ አስልቶ ያመሳክራል፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ አለመመለሱን ያያል፣ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ መኖሩን ያረጋግጣል፣ ከዚያ እሺ ወይም እምቢ ይላል። መጠኑ ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ ገዢው ሚስጥር ቁጥሩን በነጋዴዋ ስልክ መስታወት ላይ እንዲጽፍ ይጠየቃል። በብዙዎቹ መተግበሪያዎች ቁጥሮቹ በየጊዜው ቦታቸውን እየቀያየሩ ይወጣሉ፤ ይህም ከጎን የቆመ ሰው ወይም የጣት አሻራ ቅባት ቁጥሩን እንዳያሳብቅ ነው። በዚህ ሂደት ነጋዴዋ የምታገኘው ነገር ለሌላ ግብይት አይሆንም። ኮዱ የተሠራው ለ3,500 ብር፣ ለዚያ ቀንና ለዚያ የዘፈቀደ ቁጥር ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢላክ ባንኩ አይቀበለውም። ስልክ ካርዴን ካነበበ ይቀዳዋል የሚለው ስጋት ለአሮጌው ማግኔት ካርድ እውነት ነበር፤ ለዚህኛው አይሠራም።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ቀላሉ ብልሽት ንባቡ አለመያዙ ነው፤ ስልኩ ወፍራም ወይም ብረት ያለው ሽፋን ለብሷል፣ ገዢው ካርዱን ከቦርሳው ሳያወጣ ሁለት ካርድ በአንድ ላይ አስጠግቷል፣ ወይም ድምፁ ሳይሰማ ቶሎ አንስቶታል። እነዚህ ሲያጋጥሙ ምንም ገንዘብ አልተንቀሳቀሰም፤ እንደገና መሞከር ብቻ ነው። ክፉው ብልሽት ካርዱ ከተነበበ በኋላ መልሱ ሳይመጣ ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚፈጠረው ነው። ስልኩ ጮኋል፣ ገዢው ከፍያለሁ ብሎ ያምናል፣ ስክሪኑ ግን እየዞረ ቆሟል። ባንኩ ጋር ጥያቄው ደርሶ ገንዘቡ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ሳይደርስም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ካርዱን ደግሞ ማስጠጋት ሁለት ጊዜ የማስከፈል አደጋ አለው፤ ዕቃውን ዝም ብሎ መስጠት ደግሞ ነጋዴዋን ለኪሳራ ይዳርጋል። ትክክለኛው እርምጃ ኔትወርክ ሲመለስ የመተግበሪያውን የግብይት ዝርዝር ከፍቶ የዚያን ሒሳብ ሁኔታ ማየት ነው፦ ጸድቋል፣ ተሰርዟል ወይም በመጠባበቅ ላይ። በደንብ የተሠራ መተግበሪያ መልስ ያላገኘን ግብይት ራሱ እንዲሰረዝ ይጠይቃል፤ የተቀነሰው ገንዘብ ግን ወደ ገዢው ሒሳብ እስኪመለስ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ለሥልጠና የተመደበ ሰዓት ካለ አብዛኛው ለዚህች አንዲት ሁኔታ መዋል አለበት ባይ ነኝ። የተነበበ ካርድና የተከፈለ ሒሳብ የተለያዩ መሆናቸውን ያላወቀ ነጋዴ ከገዢው ጋር መጣላቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ስልኩና ወደ ካርዱ እንመለስ። የመተግበሪያው ማስታወቂያ ማንኛውም ስማርትፎን ይበቃል ሊል ይችላል፤ አይበቃም። ስልኩ ኤንኤፍሲ የተባለው የቅርብ ርቀት ሬዲዮ ሊኖረው ይገባል። በገበያችን በብዛት በሚሸጡት ርካሽ ስልኮች አምራቹ ወጪ ለመቀነስ መጀመሪያ ከሚያስቀራቸው ክፍሎች አንዱ ይህ ነው። ማረጋገጡ ቀላል ነው፤ በስልኩ ቅንብሮች መፈለጊያ ላይ NFC ብሎ መጻፍ ነው፣ ምንም ካልመጣ የለም። ቢኖርም እንኳ የስልኩ ሥርዓት በጣም ያረጀ ወይም የተነካካ ከሆነ የርቀት ምርመራው አያሳልፈውም። ከካርዱም በኩል ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ስልክ ካርድ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም፣ የማግኔት መስመርም አያነብም። ፖስ ማሽን ሦስቱንም ያነባል፤ መተግበሪያው የሚያነበው በላዩ አራት የተቀሰሩ የሞገድ ቅስቶች ያሉትን ካርድ ብቻ ነው። በገዢዎች እጅ ያሉ ካርዶች ቺፕ ቢኖራቸውም ሁሉም ንክኪ አልባ አይደሉም። ማሽኑን ርካሽ ያደረገው ለውጥ ጠባብ አድርጎታልም ማለት ነው። አንድ ባንክ መተግበሪያውን ለነጋዴ ከማደሉ በፊት በዚያ ከተማ ቅርንጫፉ ለደንበኞቹ የሰጣቸው ካርዶች ስንቶቹ አስጠግተው የሚከፈልባቸው እንደሆኑ መዝገቡን ማየት ይችላል። ይህ ቆጠራ ካልተሠራ መተግበሪያው ካርድ የሌለው አንባቢ ሆኖ ይቀራል።

የኔትወርኩ ጉዳይ ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ስለሆነም እዚህ ላይ ልቆይ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ዓለም ከተማ ለመድረስ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ያስፈልጋል። አገሩ አምባና ገደል ነው። የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ በሜዳ ላይ ይሄዳል እንጂ ገደል አይዞርም፤ አንድ ማማ ከአምባው ላይ ያለውን ከተማ ሲሸፍን ከሥሩ ያለውን ቆላ ጥላ ውስጥ ይተወዋል። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋና የማማው መጠባበቂያ ባትሪ ሲያልቅ ከተማውም ራሱ ከመስመር ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚያስንቅ ክስተትም አለ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚሠራ የካርድ መቀበያ ያለው ነጋዴ ምንም የለውም። አጭር ቁጥር ደውሎ የሚከናወን ክፍያ ግን በስልክ ጥሪው ኔትወርክ ስለሚያልፍ ዳታ ሳይኖርም ሊሠራ ይችላል።

እዚህ ላይ በቂ ምክንያት ያለው ተቃውሞ ይነሳል። ፖስ ማሽንም እኮ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ኔትወርክ ከሌለ ሁለቱም አይሠሩም፣ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ በመጠን ነው፣ መጠኑ ግን ለውጥ ያመጣል። ፖስ ማሽን ቁልፉ በውስጡ ስለተቆለፈ ወደ ባንክ የሚልከው አጭር መልእክት ብቻ ነው፤ ደካማ የሁለተኛ ትውልድ ሲግናል ላይም ሊሠራ ይችላል። መተግበሪያው ግን ክፍያውን ከመላኩ በፊት ራሱን ማስመርመር፣ ጊዜያዊ ቁልፎችን ማደስ፣ አንዳንዴም አዲስ ቅጂ ማውረድ አለበት። ለረጅም ጊዜ ሳይገናኝ የቆየ ስልክ ሲግናሉ እንደተመለሰ ወዲያው ካርድ አይቀበል ይሆናል፤ አስቀድሞ መታደስ አለበት። የካርድ ሥርዓቱ በተወሰነ መጠን ያለ ኔትወርክ ማጽደቅን በመርህ ደረጃ ያውቃል፤ ካርዱና ማሽኑ ተማምነው ኋላ ይላካል። ይህ ግን የታመነ ማሽን ይጠይቃል፣ ስልኩ ደግሞ እንደማይታመን አስቀድመን ተስማምተናል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ የመተግበሪያው መጠባበቂያ ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል። ቴሌብርና የባንክ ሞባይል አገልግሎት እያለ ካርድ ለምን አስፈለገ? ይህን ተቃውሞ አቅልሎ ማየት አይቻልም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከስልክ ወደ ስልክ መክፈል ካርድ በሃያ ዓመት ያልደረሰበት ደርሷል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲታዘዝ ማደያዎች ሥራውን የተወጡት በዋናነት በስልክ ክፍያ ነው። በግ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ ለገበሬው በሒሳብ ቢያስተላልፍ ካርድም አንባቢም አያስፈልግም። የበግ ገበያ ለዚህ መተግበሪያ ቦታው አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ሻጩ ገበሬ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሸጥ ነው፣ የንግድ ፈቃድ የለውም፣ ካርድ ተቀባይ ሆኖ ለመመዝገብም ምክንያት የለውም።

ሆኖም በሒሳብ ማስተላለፍ አንድ ድክመት አለው፤ ካርዱ የሚበልጠውም እዚያ ላይ ነው። በማስተላለፍ ክፍያውን የሚፈጽመው ገዢው በገዛ ስልኩ ነው፣ ማስረጃውንም የሚያሳየው በገዛ ስክሪኑ ነው። የተቀነባበረ ደረሰኝ ወይም የቆየ ክፍያ ምስል እያሳዩ ዕቃ ይዞ መሄድ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ማጭበርበር የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። ማረጋገጫ መልእክት ለነጋዴው እስኪደርስ መጠበቅ መፍትሔ ነው፤ ወረፋ በበዛበትና መልእክት በሚዘገይበት ሰዓት ግን ብዙዎች አይጠብቁም። በካርድ ክፍያ መጠኑን የሚጽፈው ነጋዴው ነው፣ የባንኩም መልስ የሚመጣው በቀጥታ ወደ ነጋዴው ስልክ ነው፤ ገዢው በመካከል ገብቶ የሚያሳየው ነገር የለም። ከዚህም ሌላ ገዢው ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ወይም ዳታ አልቆበት ቢሆን በካርዱ መክፈል ይችላል። ኔትወርክ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ ብቻ ነው፣ እርሱም የነጋዴው።

ሌባውም ሥራ አልፈታም። ኢሴት የተባለው የደህንነት ድርጅት በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘገባ በቼክ ሪፐብሊክ የባንክ ደንበኞች ላይ የተፈጸመ ዘዴ ያሳያል፤ ተጎጂው የባንኩ ሠራተኛ መስሎ በደወለለት ሰው ተታልሎ አንድ መተግበሪያ ይጭናል፣ ካርዱን በገዛ ስልኩ ጀርባ ያስጠጋል፣ ሚስጥር ቁጥሩንም ይጽፋል፤ መተግበሪያው የካርዱን መልስ በኢንተርኔት ለሌባው ስልክ ያቀብላል፣ ሌባውም ሌላ ቦታ ሆኖ ከገንዘብ መክፈያ ማሽን ያወጣል። ቁልፉ አልተሰበረም፣ ካርዱም አልተቀዳም፤ ርቀቱ ብቻ ተዘለለ። ለእኛ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግልጽ ነው። ካርድ በነጋዴ ስልክ ላይ ማስጠጋትና ሚስጥር ቁጥር መጻፍ ሲለመድ፣ ካርድህን በስልክህ ላይ አስጠጋ የሚለውም ትእዛዝ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ባንኮች መተግበሪያውን ሲያስተዋውቁ ካርድ ባለቤቱ በራሱ ስልክ ላይ ካርዱን እንዲያስነብብ በስልክ ደውለው እንደማይጠይቁ በዚያው ማስታወቂያ መንገር አለባቸው።

ታዲያ በደጋው ላይ ቦታው የት ነው? ከፋዩ ከውጭ የሚመጣበት፣ ተቀባዩ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቀመጥበት ነው። መንዝ ውስጥ የዚህ ግልጽ ምሳሌ ጓሳ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ በራሱ ሥርዓት የጠበቀው የጓሳ ምድር ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ የውጭ አገር እንግዳ አለው፤ ይህ እንግዳ ቴሌብር የለውም፣ የኢትዮጵያ ባንክ ሒሳብም የለውም፣ በእጁ ያለው ግን አስጠግቶ የሚከፍልበት ካርድ ወይም ካርዱን የያዘ ስልክ ነው። ዛሬ ይህ ሰው ብሩን አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን አውጥቶ ይመጣል፣ የያዘውም ሲያልቅ መግዛቱን ያቆማል። ባና፣ በርኖስና ምንጣፍ የሚሸጥ ማኅበር፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ በዓለም ከተማና በመሐል ሜዳ ያሉ ሆቴሎች አንድ ጥሩ ስልክ ይዘው ይህን ገንዘብ መቀበል ይችላሉ። ለእነርሱ ኤንኤፍሲ ያለው ስልክ መግዛት ከፖስ ማሽን ይረክሳል፣ ስልኩም ለሌላ ሥራ ይውላል። የጓሳ ሜዳ ግን ራሱ የኔትወርክ ጥላ ያለበት ስለሆነ መግቢያው በር ላይ ከማስከፈል ይልቅ ሲግናል ባለበት ከተማ፣ እንግዳው ከመውጣቱ በፊት ማስከፈል ይሻላል።

ክፍያ ለማቀናበር ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ባወጣቸው መመሪያዎች ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶችም በሩን ከፍቷል፣ አሪፍፔይ፣ ቻፓና ሳንቲምፔይን የመሳሰሉ ድርጅቶችም በዚያ በር ገብተዋል። ከመካከላቸው አንዱ ወይም አንድ ባንክ መተግበሪያውን ይዞ ሞላሌ ወይም ራቤል ሲመጣ ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። የመጀመሪያው ከእያንዳንዱ ክፍያ የሚቀነሰው ድርሻ ስንት እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው በስንት ቀን እንደሆነ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ጠጉር ለሚገዛ ሸማኔ የሁለት ቀን መዘግየት የሚቀጥለውን ሥራ ያስቆማል። ሦስተኛው ጸድቋል የተባለ ክፍያ በኋላ በገዢው ቢካድ ማን እንደሚከፍል ነው፤ የውጭ ካርድ ባለቤት አገሩ ከተመለሰ በኋላ በባንኩ በኩል ክርክር ማንሳት ይችላል፣ ነጋዴውም ባናውን ለመሸጡ የሚያቀርበው ማስረጃ በስልኩ ያለው የግብይት ቁጥርና የቆረጠው ደረሰኝ ብቻ ነው። የስልኩ መተግበሪያ ወረቀት አያትምም፤ ስለዚህ ደረሰኙን በእጅ ጽፎ፣ የግብይቱን ቁጥር ጥግ ላይ አስፍሮ፣ ቀሪውን ቅጂ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ማኖር አለበት።